«ፍሬን በጥሶ» ያለው ማነው?

እንበል ጠዋት ታክሲ ውስጥ ናችሁ። መንገዱ ድንገት ቆመ። ከፊት ያለው ሰው ከመኪና እየወረደ ይሮጣል። እናንተም ወርዳችሁ ስትደርሱ አንድ ሲኖትራክ አፍንጫው ሚኒባስ ጎን ላይ ተሰክቶ ታያላችሁ። መስታወት መሬት ላይ ተበትኗል፣ ሰው ይጮኻል፣ ሁለት ልጆች አንዲት ሴት ከሚኒባሱ ለማውጣት ይታገላሉ። ስልክ ወጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ጣት መጻፍ ጀመረ፦

«ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ ሚኒባስ ገጭቶ ብዙ ሰው አለቀ። ሾፌሩ ጫት ሲቅም ያደረ መሆኑ ታውቋል።»

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልእክቱ ሦስት የቴሌግራም ቻናል ላይ ይወጣል። እስቲ ወደ ኋላ ተመልሰን እንየው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በዓይናችሁ ያያችሁት ምንድን ነው? ሲኖትራክና ሚኒባስ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ሰው ተጎድቷል። በቃ። ፍሬኑ መበጠሱን አላያችሁም። ማን ማንን እንደገጨ አላያችሁም፣ ስትደርሱ አልቆ ነበር። ስንት ሰው እንደሞተ አልቆጠራችሁም። ጫቱንማ ከአጠገባችሁ የቆመ ሰው ነው ያለው፤ እሱም የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ዜና ክፍል ውስጥ ስሠራ እንዲህ ያሉ መልእክቶች በየቀኑ ይደርሱን ነበር፤ እኛም አንዳንዴ ሳናጣራ አውጥተናቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚያታልለው ውሸት የሚመስለው ቃል አይደለም። የለመድነው ቃል ነው።

«ገጨ»ን ውሰዱ። «ሲኖትራኩ ሚኒባሱን ገጨ» ስንል ድርጊቱን የፈጸመውም የተፈጸመበትም ተለይቷል። ምናልባት ግን ሚኒባሱ በድንገት ዞሮ መንገዱ ላይ ገብቶበት ይሆናል። «ሲኖትራክና ሚኒባስ ተጋጩ» ብንል ያየነውን ብቻ ነው የተናገርነው። አማርኛችን በአንዲት «ተ» ይህን ዕድል ይሰጠናል፣ እኛ ግን አንጠቀምበትም። «ፍሬን በጥሶ»ም እንደዚያው ነው፤ ለሬዲዮ ዜና አፍ ማሟሻ ሆኖ ቀርቷል። የመኪና ቅጽል ስምም አለ። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን የሰየምን ሰዎች ነን። ቀልዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሰው በእነዚህ መኪናዎች ብዙ አልቅሷል። ርዕሱ ላይ «ቀይ ሽብር ዛሬም ሰው ፈጀ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ምርመራው ሳይጀመር ፍርዱ ተሰጥቷል።

ከሁሉም የከበደው «በቸልተኝነት» የሚለው ነው። ይሄ ተራ ቃል ይመስላል፤ የሕግ ቃል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይደነግጋል። ሾፌር ላይ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ስላለበት ቅጣቱ ከተራው ሰው ይከብዳል፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ ደንብ ጥሶ ከተገኘ፣ ወይም በመጠጥና በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ስቶ ከነበረ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እንግዲህ «ጫት ሲቅም ያደረ» ብላችሁ የጨመራችሁት ነገር ሾፌሩን ወደዚህኛው ደረጃ የሚገፋ ክስ ነው። ሰውዬው በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ወይም ሞቶ፣ መልስ መስጠት የማይችል ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል፤ የእኛው ሾፌር ገና ተከሳሽ እንኳ አልሆነም።

ታዲያ ምክንያቱ በምን ይታወቃል? ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ፕላን ያነሳል። መኪኖቹ የቆሙበትን፣ ስባሪው የወደቀበትን፣ የጎማ ምልክቱ የጀመረበትንና ያለቀበትን በሜትር ለክቶ ይሥላል። ምስክር ይጠይቃል። መኪናው በባለሙያ ይመረመራል። ከዚያ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይደለም፤ ለምን እንደማይሆን ሁለት ነገር ላሳያችሁ።

አንደኛው ፍሬን ነው። ከግጭት በኋላ የፍሬን ቱቦ ተቆርጦ መገኘቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ተቆርጦ ነው የተጋጨው ወይስ ተጋጭቶ ነው የተቆረጠው? ባለሙያው የተቆረጠውን ጫፍ ያያል፤ ቀስ በቀስ እየተበላና እየተሰነጠቀ የመጣ ጎማና በአንድ ምት የተቀደደ ጎማ መልካቸው ይለያያል። የፍሬን ሸራው ውፍረት ይለካል። ከበሮው በሙቀት ተቃጥሎ እንደሆነ ይታያል፤ ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ ከባድ መኪና ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል፣ ሳይበጠስ። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ሾፌሩ ማርሽ ለምን አላከበደም? ጭነቱስ ስንት ነበር? ስለዚህ «ፍሬን በጥሶ» የሚለው ቃል አራት ወይም አምስት የተለያየ ታሪክ ይሸፍናል፤ አንዳንዱ የሾፌሩ፣ አንዳንዱ የባለንብረቱ፣ አንዳንዱ የጫኙ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። «በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር የነበረ» መጻፍ እንወዳለን። የፍጥነት ግምት ከሚወጣበት አንዱ መንገድ ጎማ አስፋልት ላይ የተወው ጥቁር ምልክት ነው። አንዲት የቤት መኪና ፍሬን ይዛ፣ ጎማዋ ተቆልፎ 20 ሜትር ተንሸራታ ቆመች እንበል። አስፋልቱ ደረቅና ጥሩ ከሆነ ስሌቱ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሰጣል። ያው 20 ሜትር እርጥብ አስፋልት ላይ ከሆነ ወደ 45 ይወርዳል። ዝናብ ዘንቦ ነበር ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ የ15 ኪሎ ሜትር ልዩነት አመጣ። ቁጥሩ ደግሞ ዝቅተኛው ነው፤ መኪናዋ ሳትቆም ተጋጭታ ከሆነ ፍጥነቷ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ምልክት ከሌለስ? «ፍሬን እንኳ አልያዘም» እንዳትሉ። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሲስተም ያለው መኪና በደንብ ፍሬን ይዞም ጉልህ ምልክት ላይተው ይችላል። ፎቶ አንስታችሁ ክብ አድርጋችሁ «ማስረጃው ይኸው» ከማለታችሁ በፊት ይሄን አስቡ።

አሁን አንዱ «እሺ፣ እኔ አልገምትም፤ ፖሊስ ያለውን እጽፋለሁ» ይለኛል። ጥሩ ነው፣ ግን ያም አይበቃም። ፖሊስ በመጀመሪያው ቀን የሚናገረውና ምርመራው ሲያልቅ የሚገኘው አንድ አይደሉም። ይህን በግልጽ ያሳየው ጉዳይ አሜሪካ የደረሰ ስለሆነ ለትንሽ ጊዜ ወደዚያ ልውሰዳችሁ።

መጋቢት 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሪዞና ውስጥ ቴምፔ በምትባል ከተማ፣ እሑድ ማታ። የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ መኪና እየሞከረ ነበር። መሪው ፊት አንዲት ተቆጣጣሪ ተቀምጣለች። መኪናው ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። በዓለም ላይ ራሱን የሚነዳ መኪና እግረኛ ሲገድል የመጀመሪያው ነው ተብሎ ዜናው በአንድ ሌሊት ዓለምን ዞረ።

በማግስቱ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ለአንድ ጋዜጣ ሐሳባቸውን ሰጡ። ቪዲዮውን ማየታቸውን፣ ሴትየዋ ከጨለማ ውስጥ ድንገት እንደወጣች፣ ማንም ቢነዳ ግጭቱን ማስቀረት ከባድ እንደነበር፣ በመጀመሪያ ዕይታ ኩባንያው ጥፋተኛ እንደማይመስል ተናገሩ። ተናጋሪዋ የፖሊስ አዛዥ ናቸው፣ ማስረጃውንም አይተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዜናው «ኡበር ጥፋተኛ አይደለም» ወደሚል ርዕስ ለመቀየር ጊዜ አልወሰደበትም። ሟቿ በግማሽ ቀን ውስጥ ለራሷ ሞት ተጠያቂ ሆነች።

በሁለት ቀን ውስጥ ፖሊስ ቪዲዮውን ለቀቀ። በእርግጥም ጨለማ ነው፤ ሴትየዋ ከምንም ተነስታ ብቅ ያለች ትመስላለች። የአካባቢው ሰዎች ግን በዚያው መንገድ በማታ በስልካቸው ቀርጸው አወጡ። መንገዱ የመብራት ምሰሶ ያለው፣ በጣም የተሻለ የሚታይ ነበር። መኪናው ውስጥ ያለችው ካሜራ የሰው ዓይን የሚያየውን ያህል አላየችም። ስልክ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ያነሳችሁት ፎቶና በዓይናችሁ ያያችሁት አንድ ሆኖ ያውቃል? «ቪዲዮ አለኮ» የሚል ክርክር ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የሀገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመጀመሪያ ሪፖርቱን አወጣ። የመኪናው ሴንሰር ሴትየዋን ከግጭቱ ስድስት ሰከንድ ገደማ ቀድሞ አግኝቷት ነበር። በዚያ ፍጥነት ስድስት ሰከንድ ማለት ከመቶ ሜትር በላይ ነው። ሲስተሙ ግን ምን እንደሆነች መወሰን አቅቶት አንዴ የማይታወቅ ነገር፣ አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት ይላት ነበር። ድንገተኛ ፍሬን እንዲይዝ የሚያደርገው ክፍል ደግሞ መኪናው በኮምፒውተር ሲነዳ እንዲጠፋ ተደርጓል። «ከጨለማ ድንገት ወጣች» የሚለው ታሪክ በዚህ አበቃ።

ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ሌላው ጫፍ ዘለለ፤ ገዳዩ ኩባንያው ብቻ ነው ተባለ። የመጨረሻው ግኝት በኅዳር 2019፣ ከአደጋው 20 ወር በኋላ ሲመጣ ያንንም አላጸደቀም። ቦርዱ ዋናው ሊሆን የሚችል ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው ተቆጣጣሪዋ በጉዞው ሁሉ ስልኳን እያየች መንገዱን አለመከታተሏን ነበር። ከዚያ አስተዋጽኦ ያደረጉትን ዘረዘረ፦ የኩባንያው ደካማ የደኅንነት አሠራር፣ ተቆጣጣሪዎቹን አለመከታተሉ፣ የግዛቲቱ የላላ ቁጥጥር፣ እግረኛዋም ከማቋረጫው ውጭ ማቋረጧ። ሁሉም በቦታው ተቀመጠ፣ ክብደቱ ግን በማግስቱ ከተባለው ጋር አይገናኝም። ቦርዱ ሥራው ምክንያት መፈለግ እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም፤ ያ የፍርድ ቤት ነው። ተቆጣጣሪዋ ጥፋቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ውሳኔ ያገኘችው 2023 ላይ ነው፤ ከአደጋው አምስት ዓመት በኋላ።

የፖሊስ አዛዧን ቃል መዘገብ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። እርሳቸው ብለዋል፤ ዜና ነው። ስህተቱ «አዛዧ በመጀመሪያ ዕይታ እንዲህ አሉ» የሚለው «እንዲህ ሆነ» ወደሚል ሲለወጥ ነው። የእኛም «ታውቋል»ና «ተረጋግጧል» እዚህ ጋ ነው የሚበላሹት። ማን አወቀ? ማን አረጋገጠ? ስም ወይም መሥሪያ ቤት ልታስቀምጡበት ካልቻላችሁ ቃሉን አውጡት። «ተብሏል»ም ያው ነው፤ ባለቤት የሌለው ወሬ ማሳደሪያ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ሲዳማ ክልል ቦና ወረዳ አካባቢ ሰው ያሳፈረ አይሱዙ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ የሠርግ ሰዎች ነበሩ። ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች የወጣው የሟቾች ቁጥር መጀመሪያ 60 ነበር፣ ከዚያ 66 ሆነ፣ በማግስቱ የክልሉ ቃል አቀባይ 71 አሉ። በዚያች ምሽት ቀድሞ የወጣውን ይዞ የቀረ ቻናልና ኋላ የወጣውን የያዘ ቻናል ሲነጻጸር «ቁጥር እየደበቁ ነው» የሚል ወሬ ለመነሳት ቀላል ነበር። ቁጥሩ ያደገው ግን እንዲህ ባለ አደጋ ሁሌም በሚያድግበት መንገድ ነው፤ ከውኃ የሚወጣ ሰው አለ፣ ሐኪም ቤት ደርሶ የሚያርፍ አለ። ለዚህ ነው ቁጥር ብቻውን መቆም የሌለበት። «የክልሉ ጤና ቢሮ እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳስታወቀው» ተብሎ ቢጻፍ ነገ ሲቀየር ትላንት የተጻፈው ውሸት አይሆንም፤ የትላንት ሰዓት ተጽፎበታልና።

ቃል አቀባዩ መኪናው ድልድዩን ስቶ ወንዝ መግባቱን፣ መንገዱ ጠመዝማዛ የበዛበት መሆኑንም ተናግረው ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸወደው። ድልድዩን ስቷል፤ ይሄ የሆነው ነገር ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ይሄም ማንም ሄዶ የሚያየው ነው። የጭነት መኪና ሰው ጭኖ ነበር፤ ይሄም እውነት ነው። ሦስቱን እውነት ደርድረን «ስለዚህ» የምትል ቃል ጣል ስናደርግ ግን ማንም ያልነገረንን ምክንያት ራሳችን ፈጠርን። ድልድዩን ለምን ሳተ? ለዚያ መሪው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሾፌሩ፣ ድልድዩ ራሱ መታየት አለባቸው።

ደግሞ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ እናምታታለን። መኪናው ለምን ከመንገድ ወጣ የሚለው አንድ ነው። ይህን ያህል ሰው ለምን ሞተ የሚለው ሌላ ነው። የጭነት መኪና ላይ ቀበቶ የለም፣ ጣራ የለም፣ መቀመጫም የለም፤ ምንም ሰበብ ያውጣው፣ ከመንገድ ከወጣ ከላይ ያለው ሰው ይረግፋል። ስለዚህኛው ምርመራ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ መጻፍ ትችላላችሁ። ሰው ለምን በአይሱዙ ሠርግ ይሄዳል? በዚያ መንገድ በቀን ስንት የሕዝብ ማመላለሻ ያልፋል? የወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መልስ የሚሰጥባቸው፣ ማንንም የማይወነጅሉ፣ የሞቱትንም የሚመለከቱ ጥያቄዎች ናቸው። አልገምትም ማለት አፍ መዝጋት አይደለም።

በሉ ወደ ጠዋቱ ሲኖትራክ እንሂድ። አጠገባችሁ የቆመውን ሰው «ምን ሆነ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ታሪክ ይነግራችኋል፤ ጫቱ የመጣው ከዚያ ነው። «አንተ የት ቆመህ ነበር? መጀመሪያ ምን ሰማህ? ዞር ስትል መኪኖቹ የት ነበሩ?» ብትሉት መልሱ ሌላ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ድምፅ ሰምቶ ነው የዞረው። ከድምፁ በፊት የሆነውን አላየም፤ ዞር ሲል ካየው ተነስቶ ወደ ኋላ ሞልቶ ነው የሚነግራችሁ። መዋሸቱ አይደለም፤ የሁላችንም ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚሠራው።

ያኔ መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

«ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ገደማ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ሲኖትራክና ሚኒባስ ተጋጭተዋል። እኔ ስደርስ ሰዎች ከሚኒባሱ ተጎጂዎችን እያወጡ ነበር፤ አምቡላንስ 1 ሰዓት ከ55 ላይ ደርሷል። መንገዱ በሁለቱም በኩል ተዘግቷል፣ በሌላ መንገድ ዙሩ። የተጎጂዎችን ቁጥርም የግጭቱን ምክንያትም ትራፊክ ፖሊስ አልገለጸም፤ ቦታው ላይ እየለኩ ነው።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ አዎ። ግን ጠቃሚ ነገር አለው፤ ወደ ሥራ የሚሄደው መንገድ ይቀይርበታል። ፎቶውን በተመለከተ መኪኖቹ የቆሙበትን ከራቅ ብላችሁ አንሱ፤ ከመነሳታቸው በፊት የተነሳ ጥሩ ፎቶ ለመርማሪም ይጠቅማል፣ ስለዚህ ዋናውን ሳትቆርጡ አስቀምጡት። የሚለጠፈው ላይ ግን ታርጋና ፊት ሸፍኑ። የሚኒባሱን ታርጋ ያየች እናት የልጇን ነገር ከእናንተ ፖስት ማወቅ የለባትም። ቴሌግራም ላይ መልእክት ስታስተካክሉ የድሮው ይጠፋል፣ የተነሳበት ስክሪንሾት ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ከምትለውጡ «ቀድሞ 5 ብለን ነበር፣ አሁን ፖሊስ 3 ብሏል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

የቀረው ነገር የእኛ የጋዜጠኞች ዕዳ ነው። በሀገራችን የብዙ አደጋዎች የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ሳይነገር መዝገብ ውስጥ ይቀራል፤ ግምቱ ብቻ ኢንተርኔት ላይ ይኖራል። «ምክንያቱ በመጣራት ላይ ነው» ብለን የጻፍን ሰዎች ተጣርቶ ምን ተገኘ ብለን ስንመለስ አንታይም። እኔ ስልኬ ካላንደር ላይ ማስታወሻ መያዝ ጀምሬያለሁ፦ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት። ቀኑ ሲደርስ ለትራፊክ ፖሊሱ፣ ቀጥሎ ለዐቃቤ ሕጉ እደውላለሁ። ግማሹ ስልክ አይነሳም። ባለፈው ያነሳልኝ አንድ ኢንስፔክተር መጀመሪያ የትኛውን አደጋ እንደምጠይቅ አልገባቸውም ነበር፤ ቀኑንና ቦታውን ስነግራቸው ዝም አሉና «ስለዚያ ጉዳይ መልሶ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ መዝገቡን ላውጣና ከሰዓት ደውል» አሉኝ።